ለቦኬዋ ልጅ የሰጠሁት ዜሮ

እኔ ኩሩ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመናዘዝ ሳይሆን ከመጀመሪያው እንድንተዋወቅ ነው። ጭሮ ከተማ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በእኔ እጅ ሳያልፍ ዘጠነኛ ክፍልን የጨረሰ የሰፈራችን ልጅ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ዛሬ ባጃጅ ሲነዳ ያየኝና «ቲቸር፣ ግቢ ላድርስሽ» ይለኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሩቅ ያየኝና መንገድ ይቀይራል። ሁለቱም ሒሳቤን አልረሱም ማለት ነው፤ ለእኔ ሁለቱም ምስጋና ነው።

ከማስተምረው ሁሉ የምወደው የኤክስ ስኩዌር እኩልታን ነው፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛው «ኳድራቲክ» የሚሉትን። ከእሱም ውስጥ የምወደው ፋክተር ማድረግን ነው። ሰሌዳው ላይ x² − 11x + 24 = 0 ብዬ እጽፍና ወደ ልጆቹ እዞራለሁ። «ሲባዙ 24፣ ሲደመሩ −11 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች አምጡልኝ» እላለሁ። ስድሳ ጭንቅላት ያጎነብሳል። ከዚያ ከአንዱ ጥግ «−3 እና −8!» የሚል ጩኸት ይመጣል። (x − 3)(x − 8) = 0 ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ኤክስ ወይ 3 ነው ወይ 8 ነው። አለቀ። የተቆለፈ በር በቁልፉ ሲከፈት ያለውን ደስታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፎርሙላውን ግን አልወደውም ነበር። ያቺን ረጅም ነገር፣ «ኔጌቲቭ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ ስኩዌር ሩት» ብሎ የሚጀምረውን፣ «የሰነፍ ምርኩዝ» ነበር የምላት። ልጆቹም ይስቁ ነበር። ለፋክተር አራት ሳምንት እሰጥና ለፎርሙላ አንድ ክፍለ ጊዜ እወረውርለታለሁ፤ እሷንም ደወሉ እስኪደወል እየተጣደፍኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚያ ዓመት ዘጠነኛ ሲ ውስጥ ከቦኬ ገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። ረዘም ያለች፣ ጥቁር ሂጃብ የምታደርግ፣ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ዝምተኛ ነበረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛዋ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ፤ ስምንተኛን የጨረሰችው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ደግሞ የሚጮህ ተማሪ እወዳለሁ። የሚጮህ ልጅ ቢሳሳትም የት ቦታ እንደተሳሳተ ታውቃለህ። ዝም የሚል ልጅ ገባው አልገባው በምን ይታወቃል? ስለዚህ አላወቅኋትም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም።

አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ከሚኤሶ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለ ወንድሙ በክረምት ፎርሙላዋን አስጠንቶት፣ ከዚያ ወዲህ ከእሷ ውጪ እግሩን አያነሣም። x² − 9 = 0 ብሰጠው እንኳ፣ ማንም ሰው ቆሞ «3 እና −3» የሚለውን፣ እሱ «ኤ አንድ ነው፣ ቢ ዜሮ ነው፣ ሲ ኔጌቲቭ ዘጠኝ ነው» ብሎ ግማሽ ገጽ ይሞላል። መልሱ ትክክል ነው። አሠራሩም ትክክል ነው። ግን ከቤቱ ደጃፍ እስከ ጎረቤቱ ደጃፍ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ነው የሚመስለኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሰባት ጥያቄ ነበር፤ እያንዳንዱ አምስት አምስት። ከላይ «አሠራሩን አሳዩ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከሰባቱ ስድስቱ በፋክተር የሚፈቱ ናቸው። አንዷን፣ አምስተኛዋን፣ ፎርሙላ የምትፈልግ አድርጌ አስገባሁ፤ ዲፓርትመንቱ «ከሁለቱም መውጣት አለበት» ስላለ ብቻ። x² − 4x − 1 = 0 ትላለች።

ፈተናውን ሳርም የሚኤሶው ልጅ ወረቀት እጄ ገባ። ሰባቱንም በፎርሙላ፣ በጥርት ያለ ጽሑፍ፣ ምንም ሳይሳሳት ሠርቷል። ቀጥሎ የእሷ ወረቀት። አንደኛ ጥያቄ፣ መልሱ ብቻ። ሁለተኛ፣ መልሱ ብቻ። ሦስተኛዋ 6x² − 17x + 12 = 0 ነበረች፤ እኔ ራሴ ሳወጣት ላቤን ያፈሰስኩባት ናት። ከሥሯ «3/2 እና 4/3» ብቻ። አንድ መስመር አሠራር የለም። አንድ ጭረት የለም። አራተኛውም እንደዚያው።

አራቱን ከልጁ ወረቀት ጋር አመሳከርኩ። አንድ ናቸው። ደሜ ፈላ። ከአራተኛው በታች አላነበብኩም። በቀይ እስክሪብቶ ገጹ አናት ላይ ትልቅ ዜሮ አድርጌ «ኩረጃ» ብዬ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስነሣኋት።

«አሠራሩ የታለ?» አልኩ።

«በጭንቅላቴ ነው፣ ቲቸር።»

«ይህንን? ስድስት ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ አሥራ ሰባት ኤክስ፣ በጭንቅላትሽ?»

«አዎ።»

ሳቅሁ። መምህር ሲስቅ ክፍሉ ይስቃል፤ ሳቃቸው የእኔ ነው፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም። «አልኮረጅኩም» አለችና ቆማ ቀረች። ስቀመጥ አልተቀመጠችም። ደወል ሲደወል ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ አባቴን እንዳይጠሩት። ከተጠራ ይዞኝ ይሄዳል» አለችኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ናቸው። ከተማ ሄዳ እንድትማር አባቷ ብቻቸውን ነው የፈቀዱት፤ ዘመድ ሁሉ ተቃውሟል። እሳቸውም በመጨረሻ ለዘመዶቹ ቃል ገቡ፤ «ልጄ በመጥፎ ነገር ስሟ ተነሥቶ አንድ ቀን ከተጠራሁ፣ ያን ቀን ይዣት እመለሳለሁ» ብለው። እንግዲህ የእኔ ዜሮ ከጸና ትምህርቷ እዚያ ጋ ያበቃል ማለት ነው።

ይህን እያወቅሁ አባቷን የሚጠራ ደብዳቤ ላክሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። በስድሳ ልጅ ፊት ኮርጀሻል ብዬ፣ በስድሳ ልጅ ፊት መመለስ ከበደኝ።

አባትየው ሐሙስ ጠዋት መጡ። ከቦኬ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍረው፣ የመንገዱ አቧራ ከትከሻቸው ሳይራገፍ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ ጢማቸው ሽበት ጀምሮታል። የተገናኘነው ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ነው። ምክትሉ ታሪክ አስተምረው ያረጁ፣ ነገር የሚያበርዱ ሰው ናቸው። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማለች። አባትየው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፣ «ወአለይኩም ሰላም» አልን፣ ተቀመጡ። ወደ ትምህርት ቤቱ ከመምጣታቸው በፊት ልጅቷ የተከራየችበት ቤት ገብተው ፍራሿን አስረው እንደመጡ ምክትሉ በጆሮዬ ነገሩኝ።

ምክትሉ ነገሩን በአፋን ኦሮሞ አስረዱ። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አስተማሪ ነሽ» አሉ በአማርኛ። «እኔ አልተማርኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትሰርቅ ዓይንሽ አይቷል?»

«አላየሁም። ወረቀቱ ግን…»

«ወረቀት ምስክር ነው?»

እሳቸው ቀጠሉ። «እኛ አገር ሁለት ሰው ሲካሰስ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የደፈረሰ ነገር እዚያ ይጠራል። ይኸው ልጅቷ። ይኸው አንቺ። እዚህ ትሥራ። ከሠራች ሠራች። ካልሠራች…» አሉና አልጨረሱትም። «ኤጋ» ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ እንግዲህ እንጀምር ማለታቸው ነው።

ቢሮው ውስጥ የተረኛ መምህራን ስም የሚጻፍባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ምክትሉ ስማችንን አጠፉልኝ። እኔም ፈተናው ላይ ያልነበረ፣ ማንም ሊያስጠናት የማይችል ጥያቄ እዚያው ፈጠርኩ፤ 8x² + 2x − 15 = 0። የሚከብዱ ቁጥሮችን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው።

ጠመኔውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ የግራ እጇን ከፍታ በአውራ ጣቷ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ ትነካ ጀመር። ከሶላት በኋላ ዚክር የሚቆጥር ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀርቤ ሰማሁ፤ በአፋን ኦሮሞ ነው። አንድ በመቶ ሃያ፣ ሁለት በስልሳ፣ ሦስት በአርባ፣ አራት በሠላሳ። በየአንጓው አንድ ጥንድ ታስቀምጣለች። ስምንትን በኔጌቲቭ አሥራ አምስት አባዝታ፣ −120 ካገኘች በኋላ፣ ሲባዙ −120 ሲደመሩ 2 የሚሆኑትን ነበር የምትፈልገው። ስምንተኛው አንጓ ላይ ቆመች።

«አሥራ ሁለትና ኔጌቲቭ አሥር» አለች። ዓይኗን ጨፈነች። «ኤክስ አምስት አራተኛ ነው። ወይም ኔጌቲቭ ሦስት ሁለተኛ።»

ጠመኔው እጄ ላይ ነበርና እኔ ራሴ ሠራሁት። መካከለኛውን 2x ለሁለት ከፈልኩት፤ 8x² + 12x − 10x − 15። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 4x አወጣሁ፤ 4x(2x + 3)። ከኋለኞቹ −5 አወጣሁ፤ −5(2x + 3)። ሁለቱም ውስጥ 2x + 3 አለ፤ ስለዚህ (4x − 5)(2x + 3) = 0። ኤክስ አምስት አራተኛ ነው፤ ወይም ኔጌቲቭ ሦስት ሁለተኛ። እኔ አምስት መስመር ፈጅቼ የደረስኩበት እሷ በጣቷ ሄዳ ከምትጠብቀኝ ቦታ ነው።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኩ።

አባትየው መለሱ። በቦኬው ትምህርት ቤት ልጆቹ አንድ ደብተር ለሁለት ትምህርት ነበር የሚያደርሱት። ስለዚህ የሒሳብ መምህሩ ደንብ «በጭንቅላት ሥሩ፣ መልሱን ብቻ ጻፉ» የሚል ነበር። አሠራር የሚጽፍ ልጅ ደብተር ያባክናል ተብሎ ይቆጣዋል። ስምንት ዓመት እንደዚያ ተማረች። እኔ ደግሞ «አሠራሩን አሳዩ» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ግን ኩሩ ነኝ አላልኳችሁም? «አንድ ልጨምር» አልኩ። ምክትሉ «ቲቸር፣ አይበቃም?» አሉ። «አንድ ብቻ» አልኩና x² − 6x + 4 = 0 ብዬ ጻፍኩ።

ጣቷ ላይ ሄደች። አንድ በአራት። ሁለት በሁለት። ቆመች። ኔጌቲቭ አደረገቻቸው፤ እንደገና ሄደች። አባትየው ከእሷ ጣት ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ውጪ የጫት አይሱዙ ጡሩምባውን እያስለቀሰ አለፈ። በመጨረሻ እጇን አወረደች።

«መልስ የለውም» አለች።

አባትየው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ለአንዲት ቅጽበት፣ ያሳፍራል፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መልስ የለውም። የፈተናው አምስተኛዋ ጥያቄም እኮ ጥንድ የላትም፤ እሷ ላይ ምን ጽፋ ይሆን? ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች ከፋይሉ መዝዤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አምስተኛ ጥያቄ፣ x² − 4x − 1 = 0። የሚኤሶው ልጅ ከሥሩ በፎርሙላ ሠርቶ 2 ± √5 ብሏል። እሷ ከሥሩ «መልስ የለውም» ብላለች።

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። አራት ትክክል መልስ አይቼ ፈረድኩ፤ አንዷን ስህተት ሳላይ። ልጅቷ ከጎረቤቷ ቀድታ ቢሆን ኖሮ፣ የማትችለውን ጥያቄ ትታ የምትችለውን ነበር የምትኮርጀው? ትክክለኛው መልስ እኮ ከክርኗ አጠገብ ነበር። ዓይኗን አልጣለችበትም።

ለአባትየው በአፋን ኦሮሞ አስረዳኋቸው፤ እንዳይተረጎምብኝ ብዬ። ስህተቷ ነጻ እንዳወጣት፣ ያለ ስህተቷ እኔ ላምናት እንዳልነበር፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞሬ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ እላለሁ፤ የሳቁት ሁሉ ባሉበት» አልኳት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለተማሪ ይቅርታ ስል የመጀመሪያዬ ነው። እንደፈራሁት አልገደለኝም።

እሷ ግን ሰሌዳውን ነበር የምታየው።

«ቲቸር፣ ይሄ መልስ አለው?»

«አለው።»

«ጥንዱ የለም እኮ። አንድ በአራት፣ ሁለት በሁለት። ሌላ የለም።»

«ሙሉ ቁጥር የለም» አልኩ። «ሙሉ ቁጥር አለመኖሩ መልስ አለመኖሩ አይደለም። ፎርሙላውን ያስተማርኩ ቀን የት ነበርሽ?»

እናቷ ስለወለደች አራት ቀን ቦኬ ሄዳ ነበር። ያ የእኔ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ያ በጥድፊያ የወረወርኩት፣ ከአራቱ ቀን በአንዱ ላይ ወድቆ ነበር። ለእሷ እኩልታ ማለት ጥንድ ያለው ነው፤ ጥንድ ከሌለው የለውም። አራት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ፎርሙላውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት፤ x = (−b ± √(b² − 4ac)) / 2a። «ኤ የኤክስ ስኩዌሩ ቁጥር ነው፣ እዚህ 1። ቢ የኤክሱ ነው፣ −6። ሲ ብቻውን የቆመው ነው፣ 4። ስኩዌር ሩቱ ውስጥ 36 ሲቀነስ 16፣ 20 ይሆናል።»

«ለምን?» አለች።

«ለምን ምን?»

«ለምን እንደዚህ ሆነ? ከየት መጣ?»

ስንት ዓመት ሳስተምረው ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም እንዲጠይቁኝ ጊዜ ሰጥቻቸው አላውቅም። ስለዚህ ፎርሙላውን ትቼ እሷ ወደምታውቀው ሄድኩ። «ሲደመሩ 6፣ ሲባዙ 4 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ነው የምንፈልገው፤ ኤክስ እነሱ ናቸው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑስ?»

«ሦስትና ሦስት። ሲባዙ ዘጠኝ። በዛ።»

«እንግዲህ እኩል አይደሉም።»

ጣቷ አንጓ ላይ አልሄደም በዚህ ጊዜ፤ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን አጋጠመችና ቀስ ብላ አለያየቻቸው፣ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ ራሷ ወሰደች።

«አንዱ በጨመረው ልክ ሌላው መቀነስ አለበት» አለች። «አለዚያ ድምሩ ስድስት አይሆንም።» (3 + d)(3 − d) = 4 ብላ ጻፈች። ከሥሩ 9 − d² = 4። ከሥሩ d² = 5። ቆመችና ወደ እኔ ዞረች። «ዲ ስኩዌር ሩት አምስት ነው። ሦስት ሲደመር እሱ። ሦስት ሲቀነስ እሱ።»

እመሰክራለሁ፤ ከዚያ በፊት በዚህ ሥራ የኮራሁባቸው ቀኖች ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ጋር ሲተያዩ ትንሽ ናቸው። ፎርሙላዋን ከውስጧ አወጣቻት። እኔ የጀመርኩትን ፎርሙላ ጨረስኩት፤ 6 ± √20 ለ 2፤ √20 ማለት 2√5 ነውና፣ 3 ± √5። ሁለቱ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፣ የእሷና የፎርሙላው፣ አንድ ዓይነት።

«አያችሁ» አልኩ፣ ለማን እንደምናገር እንኳ ሳላስተውል፤ ምክትሉ የታሪክ ሰው ናቸው፣ አባትየው ሒሳብ አልተማሩም። ሁለቱም ግን በጥሞና ያዳምጣሉ። «ያ ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ያለው፣ b² − 4ac፣ ጠቋሚ ነው። መጀመሪያ እሱን አውጪው። በቅድሙ ጥያቄ 484 ነበር፤ 22 በ 22 ማለት ነው። እንደዚያ የአንድ ቁጥር ስኩዌር ከሆነ ፋክተር ይሆናል፤ ጣትሽ ያገኘዋል፣ ጣትሽ ከፎርሙላ ይፈጥናል። እንደ 20 ከሆነ መልስ አለ፣ ግን ሙሉ ቁጥር ወይም ክፍልፋይ አይደለም፤ ጣትሽን አታድክሚ፣ ፎርሙላውን ጥሪ። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ነው እስካሁን በምናውቃቸው ቁጥሮች መልስ የለውም የምትይው። x² + 2x + 5 = 0ን ውሰጂ፤ 4 ሲቀነስ 20፣ −16 ነው። በራሱ ተባዝቶ −16 የሚሆን ቁጥር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የማርክ ሊስቱን አወጣሁ። ዜሮውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውንም አርሜ፣ ሁለቱም ትክክል ነበሩና ጎኑ ላይ 30 ጽፌ፣ አጠገቡ ፈረምኩ፤ ማርክ ሲስተካከል ደንቡ እንደዚያ ነው። ከዚያ ልቤ ስለራራ «አምስተኛዋንም እሰጥሻለሁ፤ ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ሠራሻት» አልኩ።

«አሁን ነው የሠራሁት» አለች። «ያን ቀን ተሳስቻለሁ። ኤክስ ይግባበት።»

አባትየው ይህን በአማርኛ ተከታትለው ኖሮ ቀና አሉ። ወደ ሰሌዳው አመለከቱና፣ ለልጃቸውም ለምክትሉም ሳይሆን ለእኔ፣ «ዱጋዳ?» አሉኝ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ዱጋዳ» አልኳቸው። «ሁሉም።»

ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ፤ አቧራውን ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «ሌላ ጊዜ ስትሳሳት ደብዳቤ አትላኪ። ልክ ስትሆን ላኪ» አሉኝ። ፍራሿን ፈትተው መልሰው አንጥፈው፣ በሰባት ሰዓቱ መኪና ብቻቸውን ተመለሱ።

ሰኞ ዘጠነኛ ሲ ገብቼ ቃሌን ጠበቅሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ከዚያ «ዛሬ የማስተምረው እኔ አይደለሁም» ብዬ ጠመኔውን ሰጠኋትና ሄጄ እሷ ወንበር ላይ፣ ከሚኤሶው ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷ ሰሌዳው ፊት ቆማ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በዲ፣ ከዚያ በፎርሙላ ሠራች፤ አሠራሩን በየመስመሩ እየጻፈች። የሚኤሶው ልጅ ገና ያን ቀን ነው መሰለኝ ፎርሙላው ከየት እንደመጣ ያየው፤ እስክሪብቶውን ጥሎ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከፊት ረድፍ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር» አለ፣ «ዲው ራሱ ዜሮ ቢሆንስ?»

ልመልስ ብድግ አልኩ። ልጁ ግን የሚያየው ወደ እኔ አልነበረም።

ተቀመጥኩ። «ያኔ ሁለቱ መልሶች አንድ ናቸው» አለችው።